በፀጉሯ ውስጥ የቀረው ቁልፍ

ፍንጪት ያሏት በፊት ጥርሶቿ መሃል ባለው ክፍተት ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ፀጉር ሰሪ ናት፤ ከርዳዳውን ፀጉር አለስልሳ በማስተኛት ስሟ በሰፈሩ የገነነ። ደንበኛ ስታመነታባት "እስቲ የልጄን እዪ" ትላለች። ፍንጪትም ጥግ ላይ ተቀምጣ ከደብተሯ ቀና ሳትል ፀጉሯን ወዲህና ወዲያ ታወዛውዛለች። የሥራ ድርሻዋ ይቺው ነበረች።

ያ ፀጉር ግን ትእዛዝ ያበዛ ነበር። ዝናብ ሲያካፋ ፌስታል ይጠለቅለታል። በስፖርት ክፍለ ጊዜ፣ ላብ ሥሩን እንዳይጠቀልለው "ሆዴን አሞኛል" ይባልለታል። ስትተኛ እንኳ አንገቷን እንደ ታመመ ሰው አቅንታ ነው።

ለወላጆች ቀን ትምህርት ቤቱ ቴአትር አዘጋጀ። ፍንጪት የግምጃ ቤት ቁልፍ ሰርቃ ጫማዋ ውስጥ የምትደብቅ አገልጋይ ሆነች። ዘበኛዋ ስትመጣባት መሬት ላይ ተንከባላ ጠረጴዛ ስር መግባት አለባት።

"ተንከባለዪ!" አሉ የቋንቋ መምህሩ በልምምዱ ላይ።

"ቲቸር፣ ፀጉሬ እኮ ትናንት ነው የተሠራው።"

ዘበኛዋን የምትጫወተው ጓደኛዋ፣ ከክፍሉ ሁሉ የምትረዝመው ሜትሮ፣ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ለሌባዋ ቀጠሮ ይያዝላትና ፀጉሯ በተመቸው ቀን ትስረቅ።"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ፍንጪትም ሳቀች። ወደ ቤት ስትሄድ ግን ነገሩ ውስጥ ውስጡን በላት። ለመጨረሻ ጊዜ መሬት ላይ የተንከባለለችው መቼ ነበር? አላስታወሰችም። የቤታቸው በር ላይ ስትደርስ ወስና ነበር፤ በቃ፣ ከእንግዲህ አይለሰልስም።

ዕድል ደግሞ ረድቷታል። ከሰባት ወር በፊት የማለስለሻው ክሬም ራሷን አቃጥሏት ነበር። ጥፋቱ የራሷ ነው፤ ክሬሙ ከመቀባቱ በፊት ራሷን ስትፎክት ውላ ቆዳዋን አቁስላው፣ ለእናቷም ሳትናገር ቀርታ ነው። ከዚያ ወዲህ እናቷ ክሬሙን ትታ በየሳምንቱ በጋለው የፀጉር መተኮሻ፣ በፒያስትራ ብቻ ነበር የምትተኩሳት። ስለዚህ ሥር ሥሩን ክሬም ያልነካው የሰባት ወር ፀጉር በቅሏል።

ቅዳሜ እናቷ ሥራ ላይ ሳለች ሜትሮ መጣችና ፀጉሩን አጠቡት። ገና ሲረጥብ ምስጢሩ ወጣ። ከሥሩ አራት ጣት ያህሉ እንደ እስክሪብቶ ሞላ ተጠቀለለ፤ ከዚያ በታች ያለው እንደ ረጠበ ክር ተንጠለጠለ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንዳንዱ ማበጠሪያው ሲነካው እጥፍ ብሎ ይበጠሳል።

"ታችኛውስ ቆይቶ አይጠቀለልም?" አለች ሜትሮ።

"ክሬም የነካው አይመለስም፤ ማደግና መቆረጥ ብቻ ነው። በፒያስትራ የተዘረጋው ነው ውሃ ሲነካው የሚመለሰው፤ እሱም ካልተቃጠለ።"

የእናቷን ትርፍ መቀስ ከመሳቢያ አወጡ። ፍንጪት ከፊት፣ ሜትሮ ከኋላ፣ ትንሽ ትንሽ እየያዙ ልክ ጥቅልሉ የሚያበቃበት ላይ ቆረጡት። ግንባሯ ላይ፣ ፒያስትራው አዘውትሮ ያረፈበት ቦታ፣ ጥቂት ዘለላዎች አንጠቀለልም ብለው እንደ ሽቦ ቆመው ቀሩ።

"ምን መሰልኩ?"

"ጆሮ እንዳለሽ ገና ዛሬ አወቅኩ።"

ፍንጪት ሁለት ቀን ሻሽ አስራ ሰነበተች። እናቷ ስትጠይቃት "ለቴአትሩ ነው እማ፤ ሚናዬን እየተለማመድኩ" አለቻት። በሦስተኛው ቀን ግን አንዲት አዲስ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ስታመነታ፣ እናት እንደ ልማዷ "እስቲ የልጄን እዪ" አለችና ሻሹን መንጭቃ ገለጠችው።

ደንበኛዋ ፎጣው አንገቷ ላይ እንዳለ ብድግ አለች። "እኔ እንዲህ አላልኩም!" ብላ ወጣች።

እናት የልጇን ጭንቅላት ይዛ አዞረችው። "ከኋላ ማነው የቆረጠሽ?"

"ሜትሮ።"

"ተዛንፏል።" ንዴቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። "ወላጅ ሁሉ በሚሰበሰብበት ቀን? አንቺ እኮ የቤቱ ማስታወቂያ ነሽ! ምን ጎደለብሽ?"

"መንከባለል እፈልጋለሁ።"

"ምን?"

"መሬት ላይ፣ እማ። መንከባለል።"

እናት አኮረፈች። በማግስቱ ግን የተዛነፈው ፀጉር አላስችል አላት። አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ልጇን ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ የኋላውን አስተካከለች፣ መቀሱን አስቀምጣ ማኩረፏን ቀጠለች።

የቴአትሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ፍንጪት ፀጉሯን አጠበች፤ እርጥቡን የፀጉር ቅባት እየቀባች ሁለት ሁለቱን ጠመዘዘችው። ሳይደርቅ ከተፈታ እንደሚንጨባረር ስለምታውቅ እስከ ጠዋት አልነካችውም። ጠዋት ጣቶቿን ዘይት ቀብታ አንድ በአንድ ፈታችው፤ ሥሩን በማበጠሪያ ጫፍ ከፍ ከፍ አደረገችው። ቀላል፣ ደረቅና ክብ ሆኖ ራሷ ላይ ተነፋ።

መድረክ ላይ ወጥታ ተንከባለለች። አንዴ መንከባለል ሲበቃት ሦስቴ ተንከባለለች። ጠረጴዛው ስር ስትደርስ ተንኮሏ አላስቀምጥ አላት። ቁልፉን በጫማዋ ፈንታ፣ ተመልካች ሁሉ እያየ፣ ፀጉሯ ውስጥ ሽጉጥ አደረገችው።

ሜትሮ ጫማዋን አስወልቃ አየች፤ ባዶ። ሁለተኛውንም አራገፈች፤ ባዶ። "ቁልፉ የት አባቱ ሄደ?" አለች በሹክሹክታ።

"ፈልጊያ፣ ዘበኛ አይደለሽ?"

ከፊት የተቀመጡ ሕፃናት "ራሷ ላይ! ራሷ ላይ!" እያሉ ጮኹ። ሜትሮ በጩኸቱ ግራ ተጋብታ የገዛ ራሷን ባርኔጣ አውልቃ ፈተሸች። አዳራሹ በሳቅ አለቀ።

ቀጥሎ ፍንጪት ግምጃ ቤቱን መክፈት ነበረባት። ቁልፉን ሳብ አደረገች፤ አልመጣም። ጥርሱ ላይ ፀጉሩ ተጠምጥሟል። ጠበቅ አድርጋ ስትስበው እንባዋ መጣ። መጋረጃው ጋ መምህሩ የውሃ ጠርሙሳቸውን ጨብጠው በላብ ተጠመቁ።

"አትጎትቺው!"

እናት ነበረች። ከሦስተኛው ረድፍ ተነስታ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች መድረክ ላይ ወጣች። ሜትሮ ጭንቅ ሲላት ዱላዋን ደገነችባት። "ቁሚ! አንቺ ደግሞ ማነሽ?"

"የሌባዋ እናት ነኝ" አለች እናት፣ ከመምህሩ እጅ ጠርሙሱን እየተቀበለች።

ሰው ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። እናት ግን አልሰማችም። ፀጉሩን በውሃ አራሰችው፤ ከቦርሳዋ የእጅ ቅባት አውጥታ ቁልፉ ዙሪያ ቀባች። "ደረቁን ከሳብሽው ይበጠሳል" አለች። ከጫፍ ጀምራ ወደ ቁልፉ፣ ዘለላ በዘለላ፣ በጣቶቿ ብቻ ፈታችው። ጣቶቿ መጀመሪያ ፈጠኑ፤ ኋላ ዘገዩ። አንዱን ጥቅልል ሳብ አድርጋ ለቀቀችው፤ ተመልሶ ተጠቀለለ። ደግማ ሳበችው።

"እማ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።"

"ስምንት ዓመትሽ ላይ ነው ለመጨረሻ ጊዜ እንዲህ በጣቴ የፈታሁት" አለች በጆሮዋ። ከዚያ ቁልፉን አውጥታ ወደ ላይ ከፍ አደረገችው። ጭብጨባው ግድግዳውን አንቀጠቀጠው።

በሳምንቱ ቴአትሩ እንዲደገም ተወሰነ። መምህሩ እናትን ለማነጋገር ፀጉር ቤቷ ድረስ መጡ። ጽሑፋቸው ስለተበላሸ ሰኞ ተናደው የነበሩት ሰውዬ ረቡዕ ላይ ጽሑፉን ለውጠው ነበር። "ያችን ‹የሌባዋ እናት ነኝ› ያሏትን ንግግር ይድገሙልን" አሏት።

እናት አንዲት ደንበኛ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር አስቀምጣ መምህሩ ያመጡትን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

"አንድ ንግግር ብቻ?" አለች።