«ተጨማሪ» ከሚለው በታች

አናጢውን ሰፈሩ በሙሉ «በልኩ» ይለዋል። ሻይ ሲቀዱለት «በልኩ»፣ ሲያመሰግኑት «በልኩ»፣ ሚስቱ ስትቆጣው እንኳ «በልኩ አድርጊው እንጂ!» ስለሚል የወጣለት ስም ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ዛሬ የሚያስታውስ ካለ ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም የምትጠራው ስትናደድ ነው።

ይህ ሰው ለጎረቤቱ ልጅ አንድ ወንበር ሠራ። ልጅቷ ወገቧ አልጸና ብሎ ቀኑን ሙሉ ተጋድማ ጣሪያ የምታይ ነበረች። ከጀርባዋ እስከ ጉልበቷ እጥፋት ለካ፤ ግራና ቀኝ መደገፊያ አደረገ፤ ዳሌዋ ላይ ቀበቶ፣ ከእግሯ በታች መርገጫ፣ ከፊቷ ደግሞ እጇን የምታሳርፍበት ገበታ ገጠመ። ልጅቷ ቀና ብላ ተቀመጠች። አልተራመደችም፤ ግን ከሰው እኩል ሆና የሰው ፊት ማየት ጀመረች። በልኩም ይኼ በቃው።

ያልበቃት የእህቱ ልጅ ናት። ሥራዋ ለትናንሽ ነጋዴዎች የምርት ማሳያ ቪዲዮ መቅረጽና ከሥሩ የሚሰፍረውን መግለጫ መጻፍ ነው። የዳቦ ቤቱን ቪዲዮ አይቶ ያልራበው የለም ይባልላታል። አንድ ቀን ወርክሾፑ መጥታ ወንበሩ ሲፈታ፣ ሲገጠም፣ ቁመቱ ከፍና ዝቅ ሲል ቀረጸች። ከዚያ የመጋዝ ብናኙን በእጇ ጠርጋ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና መጻፍ ያዘች።

«አጎቴ፣ ርዕሱን "ከእንጨት የተሠራ የልጆች ድጋፍ ወንበር" ብዬ ብጽፈው ማንም አያገኘውም» አለችው።

«ታዲያ ሌላ ምንድን ነው? ወንበር አይደለም እንዴ?»

«ነው። ግን እንዲህ ያለ ወንበር መኖሩን የማታውቅ እናት ስሙን ከየት ታመጣዋለች? ስልኳ ላይ የምትጽፈው የሚያማትን ነው። "ልጄ አይራመድም" ብላ ነው የምትጽፈው። እኛም እሷ የምትጽፈውን ካልጻፍን አንገናኝም። ቁልፍ ቃል ማለት ይኼ ነው።»

በልኩ ራሱን አከከ። ነገሩ እውነት ነው፤ እውነት መሆኑ ነው ያስቸገረው።

«እንዲራመዱ አያደርግም። እሱን ጻፊልኝ።»

«እጽፈዋለሁ» አለች። ጻፈችውም። ልጅቷ ውሸታም አይደለችም።

መግለጫው እንዲህ ይጀምራል፦ «ልጅዎ መቀመጥ፣ መቆም፣ መራመድ አቅቶታል? መፍትሔው እዚህ አለ። አሁኑኑ ይደውሉ!» ቀጥሎ የስልክ ቁጥር፣ የቴሌግራም ሊንክ፣ ወርክሾፑን በካርታ የሚያሳይ ሊንክ። ከእነሱ በታች ቁልፍ ቃላቱ ተደርድረዋል፦ ልጄ አይራመድም፣ ልጄ አይቀመጥም፣ ለማይራመድ ልጅ መፍትሔ። ከሁሉም መጨረሻ ደግሞ የበልኩ ዓረፍተ ነገር፦ «ወንበሩ ድጋፍ ነው እንጂ ሕክምና አይደለም።»

ስልኩ መጮህ ጀመረ። በልኩ መጀመሪያ ደስ አለው፤ ሥራ የማይወድ አናጢ የለም። ደስታው ግን ዕድሜ አልነበረውም። የሚደውሉት እናቶች ስለ እንጨቱ አይጠይቁም፤ ስለ ልኩም አይጠይቁም።

«ስንት ወር ሲቀመጥበት ነው የሚራመደው?» አለችው አንዷ።

«እመቤቴ፣ ወንበሩ አያራምድም። ደግፎ ያስቀምጣል።»

«እሺ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ቢሰድቡት በወደደ ነበር። ያ «እሺ» ግን መጋዙ ላይ፣ መላጊያው ላይ፣ ምሳው ላይ አብሮት ዋለ። ሌሎችም እንዲሁ ጠየቁት፤ ለሌሎችም እንዲሁ መለሰ። ቀስ በቀስ ስልኩ ሲጮህ ለማንሳት ይዘገይ ጀመር።

የእህቱን ልጅ አስጠራት። «ጽፌዋለሁ ብለሽኝ አልነበረም?»

ስልኳን አሳየችው። ከቪዲዮው ሥር የሚታዩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ብቻ ናቸው። ከእነሱ ጎን «ተጨማሪ» የምትል ትንሽ ቃል አለች። እሷን በጣቷ ስትነካት ቀሪው ሁሉ ወረደ፤ የእሱም ዓረፍተ ነገር ታች ድረስ ተወርዶ ተገኘ።

«ይቺን ማን ይነካታል?» አለ።

«የፈለገ ይነካታል።»

«መፍትሔ አለ ብለሽው፣ ከዚያ በኋላ ምን ይፈልጋል?»

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። እዚያው ቆማ «ሕክምና አይደለም» የሚለውን ከሁሉ በላይ አወጣችው፤ መራመድን ከመግለጫውም ከቁልፍ ቃላቱም ፋቀች። ስልኩም ጸጥ አለ። እንዲያ ጸጥ ሲል በልኩ ሌላ ነገር ያንገበግበው ጀመር። ወንበሩ በእርግጥ የሚጠቅማቸው፣ አሁንም ተጋድመው ጣሪያ የሚያዩ ልጆች አሉ፤ እናቶቻቸው ግን ከዚህ በኋላ በምን ቃል ያገኙታል?

ይባስ ብሎ ጥቂት ቆይቶ ብዙ ተከታይ ያለው አንድ የማያውቁት ቻናል፣ ከመታረሙ በፊት የገለበጠውን ቪዲዮ ከነአሮጌው መግለጫ፣ ከነስልክ ቁጥሩና ከነካርታው ለጠፈው። ልጅቷ ጻፈችላቸው፤ አልመለሱም። ለመተግበሪያው ባለቤቶች አመለከተች፤ የሰማ የለም።

«የራሳችንን ነው ማረም የምችለው፣ አጎቴ። የሰው ገጽ ላይ እጄ አይደርስም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኼ ነው።

አንድ ጠዋት የእህቱ ልጅ ወርክሾፑ መጥታ ሳለች፣ አንዲት እናት ልጅ አዝላ በሩ ላይ ቆመች። ልጁ ለመታዘል ዕድሜው ያለፈ ነው፤ እግሮቹ ከጉልበቷ በታች ተንጠልጥለዋል። ከሩቅ እንደመጣች ጫማዋ ይናገራል።

«ካርታው ነው ያመጣኝ» አለች። «መደወሉንስ ፈራሁ። አይሆንም ብትለኝስ?»

በልኩ ያኔውኑ ነገራት፤ ልጁን ከጀርባዋ ሳታወርድ። «እህቴ፣ ልጅሽ በዚህ ወንበር አይራመድም። ማንም ቢልሽ እኔ አላልኩም።»

ሴትየዋ ፈገግ አለች። «አዋቂ ሰው እንዲህ ነው፤ አይኩራራም።»

ምን ይበላት? መልሶ ይስደዳት? ልጁን ተቀበላትና ማሳያው ወንበር ላይ አስቀመጠው። መርገጫውን ከፍ፣ መደገፊያውን ጠበቅ፣ ቀበቶውን በልኩ። የልጁ አንገት ቀስ ብሎ ቀና አለ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን መጋዞች አየ፣ በሩን አየ፣ እናቱን አየ። ሳቀ።

እናቱ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «አየህ? ዛሬ ተቀመጠ። የተቀመጠ ይቆማል፤ የቆመ ይሄዳል!»

«አይደለም፣ እህቴ...» አለ በልኩ። ዞሮ የእህቱን ልጅ አያት፤ አንቺ ንገሪያት ማለቱ ነው። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ የታረመውን መግለጫ ከመጀመሪያው መስመር ጮክ ብላ አነበበች፦ «ወንበሩ ድጋፍ ነው እንጂ ሕክምና አይደለም።»

ሴትየዋ እንባዋን ጠረገች። «መፍትሔው እዚህ አለ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፤ ግን ተሳስቼ...»

አላስጨረሰቻትም። ተነስታ የልጅቷን ሁለቱንም እጆች ሳመቻቸው። «እጅሽ ይባረክ። ባትጽፊው ኖሮ እንዴት አገኛችሁ ነበር?»

ውሃ የሚወስደው ሰው አረፋ ይጨብጣል፤ የጨበጠውን እጅ ማን ያስለቅቃል? አጎትና የእህት ልጅ ተያዩ። ሴትየዋ ግን ስልኳን አውጥታ ደጅ ወጥታለች። ድምፅዋ በክፍቱ በር ይሰማል።

«ጎረቤቴ፣ ተቀመጠልኝ! በዓይኔ አየሁት! የአንቺም ይድናል። ቁጥሩን ይዘሽው የለ? አሁኑኑ ደውዪ!»

በልኩ ወደ ልጁ ዞረ። ልጁ ገበታውን በመዳፉ እየመታ አሁንም ይስቃል። ወዲያው ሽርጡ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። ለረጅም ጊዜ ጮኸ፤ በመጨረሻ አነሳው።

«ሄሎ» አለች አንዲት ሴት፣ «ልጄ አይራመድም።»