ሂና ያልተስማማት ቀይ

ሸዋገነት ቀይ ናት። የምቀናባት እንዳይመስላችሁ፤ ሳትጠየቅ የምትናገረው ራሷ ናት። በእኛ ሽሮ ሜዳ ሰው ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ተብሎ ይጠራል። እሷ ግን ከሁሉም ተለይታ ለብቻዋ የተፈጠረች ይመስላታል።

ባሏ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆነው። አሁን የአውቶቡስ ሾፌሩ ስለሺ ሽማግሌ ሊልክባት ነው፤ እሁድ፣ ከቀበሌው ስብሰባ በኋላ። ራሱም አብሮ እመጣለሁ አለ። ሚስቱ የሞተችበት ወንድ መች ያፍራል! ሸዋገነትም ልቧ ፈቅዷል። የቸገራት ግንባሯ ላይ የወጣው ሽበት ነው።

«አሮጊት ሆና አገኘኋት ብሎ ከበር ቢመለስስ?» አለችኝ።

«ሾፌር አይደል? ቢመለስም ዞሮ ይመጣል» አልኳት። አልሳቀችም።

ባለሱቋ ጎረቤታችን ዘይነብ ጠይም ናት፤ ሂና የተቀባ ፀጉሯ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ፍም ይቀላል። ሸዋገነት እሱን አየችና «ጠይሟን እንዲህ ካሳመራት እኔን ቀይዋንማ!» ብላ ሂና ልትገዛ ሄደች።

«ሸዋዬ፣ እኔ ሽበት የለኝም» አለቻት ዘይነብ። «ሽበት ላይ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው።»

«አንቺ ደግሞ፣ ብቻሽን ልታምሪ ነው?»

ሐሙስ ተቀባች፤ አርብ ጠዋት በሬ ላይ ቆመች። ጥቁሩ ፀጉር ጥቁር እንደሆነ ቀርቷል። ሽበቱ ግን የብርቱካን ልጣጭ ሆኗል። ፊቷም አብሮ ተቆጥቷል፤ ጉንጯ ቀልቶ፣ ከዓይኗ ሥር ጠቁሮ።

«ትኩሳት አለሽ እንዴ?» አልኳት፤ እውነቴን ነበር። ማልቀስ ጀመረች። እጇን ይዤ ብርሃኔ ፀጉር ቤት ወሰድኳት፤ ዘይነብም ጥፋቱ የሸጥኩላት ሂና ነው ብላ ሱቋን ዘግታ ተከተለችን።

ብርሃኔ ልጅ እግር ናት፤ እጇ ግን ፈጣን ነው። የሸዋገነትን ፀጉር በነጭ ፎጣ ጠቅልላ ሸፈነችና ከበሩ ውጭ፣ ብርሃን ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ ጎረቤቷን ሸማኔውን ጋሼ አምኃን ተጣራች።

«ጋሼ፣ ጥለቱ ወርቅማ የሆነ ነጠላና ብርማ የሆነ ነጠላ ያውሱኝ!»

ወርቅማውን አገጯ ሥር ስትይዘው የሸዋገነት ፊት ጭራሽ ባሰበት። ብርማውን ስትይዘው ግን ቅላቱ ረገበ፤ ፊቷ ጥርት አለ። ዘይነብ ላይ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ወርቁ አበራት፣ ብሩ አገረጣት።

«አያችሁ?» አለች ብርሃኔ። «ቀይ፣ ጠይም የምንለው ላይ ላዩን ነው። ከሥሩ እትዬ ሸዋገነት ወደ ሮዝ ያደላሉ፣ ዘይነብ ወደ ማር። ሂና ማር ለሆነ ነው የሚስማማው። ጠይም ሆኖ ከሥሩ ሮዝ የሆነ ሰውም ሞልቷል።»

«በቃ፣ ጥቁር ቀቢኝ!»

«ድፍን ጥቁር የፊትዎን መስመር ሁሉ ያወጣዋል። ጥቁር ቡናማ፣ ቀይ የሌለበት፣ አመድማው ይሻልዎታል። ብርቱካኑንም የሚያጠፋው እሱ ነው።»

«አመድ?» ብድግ አለች ሸዋገነት። «ሊያጩኝ ሲመጡ አመድ ልትነሰንሺብኝ?»

«የቀለሙ ስም ነው እንጂ!»

«እኔስ?» አልኩ፤ ጥቁር ነኝና ተራዬን ስጠብቅ ነበር።

«እርስዎማ ድፍን ጥቁሩ ነው የሚያምርብዎ፤ ብርሃን ሲያገኘው ሰማያዊ የሚለው። ወይ ደግሞ የደመቀ ወይን ጠጅ። ብቻ ቢጫ እንዳያምርዎ።»

«ተይ እንጂ፣ ለእሁዱ ቢጫ ላደርገው ነበር!»

ብርሃኔ ቀለሙን ከሸዋገነት ጆሮ ጀርባ ትንሽ ነካ አድርጋ፣ እስከ ማግስቱ ካላሳከካት እንድትመለስ ነገረቻት። ቅዳሜ ተመለሰች፤ ተቀባች።

እሁድ ስለሺ ከሽማግሌዎቹ ጋር ገባ። እኔና ዘይነብ ጓዳ ቆመን በመጋረጃው እናያለን። ሸዋገነት ትንፋሿን ይዛ ተቀምጣለች። ስለሺ ፀጉሯን ልብ ያለውም አይመስልም፤ ፊቷን ብቻ ነው የሚያየው።

«ሸዋዬ፣ ሰሞኑን ዕረፍት ላይ ነበርሽ እንዴ? ደህና የተኛሽ ትመስያለሽ» አላት።

ከዚያ ወዲያ መፍራቷን ተወች። ቀና ብላ ስታየው ግን የእሱን ጉድ አገኘች፤ ስለሺም ለቀኑ ተዘጋጅቷል። ሪዙን በከሰል ያሠመሩት ይመስል ድፍን ጥቁር ቀብቶታል፤ በዚያ በቀይ ዳማ ፊት ላይ ሪዙ ብቻውን ቀድሞ የገባ ነው የሚመስለው። ዘይነብ የነጠላዬን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጋሼ ኃይለ መለኮት ምርቃቱንም ምሳሌውንም ጨርሰው «እንግዲህ እሷስ ምን ትላለች?» አሉ።

«እሺ ብያለሁ» አለች ሸዋገነት። «ግን ይሄ ሪዝ ብርሃኔ ጋ ሳይታይ ከእኔ ጋር ፎቶ አይነሳም።»

ስለሺ በመዳፉ ሸፈነው። «የተፈጥሮዬ ነው!»

ሽማግሌዎቹ ጣራ ጣራ ያያሉ። ስለሺ ወደሷ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ብርሃኔ ያልሻት... ወንድ ደንበኛም ትቀበላለች?»