ቀላሎቹ ቅጂዎች

ታላቂቱ ልጅ ከነጋ አልተቀመጠችም። ወይ ጉድ፣ እንዴት ትቀመጥ! አባቷ የጉሮሮ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ድምፃቸው ላይመለስ ሄዷል፤ ዛሬ ከሰዓት ከሆስፒታል ይወጣሉ። ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ቀን ካሜራማኑ ታናሽ ወንድሟ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲያወጉ ቀርጿቸዋል። የእሷ ድርሻ ያንን ወግ ለልጅ ልጆቻቸው ቆርጦ ማሳጠር ነው።

ችግሩ የወንድሟ ካሜራ ነው። በየሴኮንዱ የሚያከማቸው መረጃ ብዛት የእሷን አሮጌ ላፕቶፕ ያንቀዋል፤ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ማራገቢያው ይጮኻል። ስለዚህ ትናንት የእያንዳንዱን ቀረጻ ቀለል ያለ ቅጂ፣ ባለሙያዎቹ ፕሮክሲ የሚሉትን፣ እንዲሠራ ማሽኑን አዘዘችው። የቅጂዎቹ ስም ከዋናዎቹ ጋር አንድ ነው፣ ጥራታቸውና ክብደታቸው ግን በጣም ያንሳል። በቀላሉ ቅጂ ትቆርጣለች፤ መጨረሻ ላይ የመቁረጫ ፕሮግራሙ በቅጂው ቦታ ዋናውን ቀረጻ ይተካል። ማሽኑን ሥራ ላይ ትታ አባቷ ዘንድ ሄደች።

ዛሬ ስትከፍተው ፕሮግራሙ ዋናዎቹን አላገኘሁም አላት።

«አንተ! የአባዬ ቀረጻ የታለ?»

ወንድሟ ከበሩ ላይ ቀረ። «እትዬ፣ ጠዋት ለሌላ ሥራ ቦታ ስፈልግ ቀረጻው ያለበት ዲስክ ሞላብኝ። ሁለት ፎልደር አየሁ፣ የፋይሎቹ ስም አንድ ዓይነት። የተደገመ መስሎኝ ትልቁን አጠፋሁት። አዲሱን ሥራም በቦታው ገለበጥኩበት።»

«የካሜራው ካርዶችስ?»

«ሌላ ቀርጬባቸዋለሁ።»

«እግዜር ይይልህ! ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?» አለችና እንባዋ መጣ። በእሱ ብቻ አልተናደደችም። ትናንት የቅጂዎቹን የመጀመሪያ ሙከራ ቶሎ እንዲያልቅላት ብላ ያለ ድምፅ ነበር የሠራችው። ከዚያ በኋላ ድምፁን መልሳ አስገብታለች ወይስ ረስታዋለች? ብታስብ ብታስብ ትዝ አላላትም።

የመጀመሪያውን ቅጂ ከፈተች። አባቷ ኮሌታቸውን ያስተካክላሉ፤ ድምፅ የለም። ወንበሩን ሳብ ያደርጋሉ፤ ድምፅ የለም። ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷ የላፕቶፑን የድምፅ መጠን አየችው፤ ዜሮ ላይ ነው። ከፍ አደረገችው።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር በርቷል እንዴ?» አሉ አባቷ ከስክሪኑ ውስጥ።

ሁለቱም መሬት ላይ ዘጭ ብለው አለቀሱ፣ ሳቁም።

ከሰዓት አባት ሶፋው ላይ ተቀምጠው በትልቁ ቴሌቪዥን አዩት። ምስሉ ሲለጠጥ ፊታቸው ደብዝዟል፤ ጢማቸው ከአገጫቸው አይለይም። ወንድምየው አንገቱን ደፍቶ፣ «አባዬ፣ ጥሩውን እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

አባት በእጃቸው ምልክት ወረቀት ጠየቁና ጻፉ። «ሽበቴን ማን ፈለገው? ድምፁን ጨምሪው።»

ጨመረችው። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ድምፃቸው ወግ ሲጀምር፣ ሶፋው ላይ ከንፈራቸው አብሮት ይንቀሳቀስ ጀመር።