ተቀባይነት ያገኘው ችካል

አዝመራው ያን የሥራ ዝርዝር በሚጽፍበት ሰሞን ቤት ውስጥ ሰው አይመስልም ነበር። ምሳው ፊቱ ይቀዘቅዛል፤ ሲያናግሩት አይሰማም። የዳንግላ የድልድይ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበረና፣ አማካሪ መሐንዲስ የሚቀጠርበትን ወረቀት እንዲያዘጋጅ የታዘዘው እሱ ነው። ካቻምና የቀጠሩት አማካሪ ቅድሚያ ክፍያውን ኪሱ ከትቶ፣ ወሩን ሙሉ በጋሪ ሲንሸራሸር ከርሞ፣ በመጨረሻ «ወንዙ ድልድይ ያስፈልገዋል» የሚል ጥናት አስረክቧቸው ሄዷል። ይህንንማ ገበያተኛው ሁሉ ያውቀዋል! አዝመራው ያን ጊዜ በእፍረት ከሰው ፊት መቆም አቅቶት ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ቆርጦ ተነሣ። «ያጠናል»፣ «ይመረምራል» የሚሉትን ቃላት ከወረቀቱ አባረራቸው። የሚለካና የሚታይ ነገር ብቻ ይቅረብ አለ። መጀመሪያ የድልድዩ ቦታ ካርታ፤ ቀጥሎ የወንዙ ስፋት፣ ጥልቀትና ፍጥነት ተለክቶ ሪፖርት፣ ውሃው የሚደርስበት ከፍታም በቀይ ችካል ምልክት ተደርጎበት፤ በመጨረሻ የድልድዩ ንድፍ ከነዕቃው ዝርዝር። ለእያንዳንዱ የማስረከቢያ ቀን ተቆረጠለት። ክፍያውም እንደዚያው ሦስት ቦታ ተከፈለ፤ ኮሚቴው ሥራውን አይቶ፣ የጎደለውን አስሞልቶ፣ ተቀብያለሁ ብሎ በቃለ ጉባኤ ካልፈረመ በቀር ሰባራ ሳንቲም አይወጣም። ከሁሉም በታች አዝመራው አንድ መስመር ጨመረባት፤ «በመሣሪያ ያልተለካ፣ ከሰው ወሬ የተለቀመ ነገር ተቀባይነት የለውም።» ይህችን መስመር እንደ ልጁ ወደዳት።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ቀኛዝማች ምህረቴ ወረቀቱን ካስነበቡ በኋላ፣ «አሁን ገና ሰው የሚይዝ ወጥመድ ሠራህ» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። አዝመራው የዚያን ቀን መሬት አልበቃው አለ።

የተቀጠረው መሐንዲስ ሽባባው ይባላል፤ ወጣት ነው፤ ሥራ የሚወድ። በግንቦት መጀመሪያ ድንኳኑን ወንዙ ዳር ተክሎ፣ መለኪያ ዘንጉን ይዞ ውሃ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ይውላል። ካርታውን በቀኑ አቀረበ፤ ኮሚቴው ተቀበለው፤ ተከፈለው። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ በለካው ከፍታ ላይ ቀዩን ችካል ተክሎ የውሃውን ሪፖርት ረቂቅ አመጣ።

አዝመራው ረቂቁን በቀይ እርሳስ ሲያነብ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «የአካባቢው ሽማግሌዎች እንደነገሩኝ፣ በነሐሴ ውሃው እስከ ትልቁ ሾላ ሥር ይደርሳል» ይላል። ሾላው ከቀዩ ችካል በላይ ዳገቱ ላይ ነው ያለው።

«ይህን ለክተኸዋል?» አለው።

«በሰኔ የነሐሴን ውሃ እንዴት ልለካ?» አለ ሽባባው። «እስከ ነሐሴ ቀን ጨምሩልኝ፤ ለክቼ አመጣለሁ።»

«ቀን መጨመር የሚባል ነገር የለም። ከመንግሥት ያገኘነው ርዳታ ሰኔ ሠላሳ ካልተከፈለ ሐምሌ አንድ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ያኔ አንተም የለህ፣ እኛም የለን።»

«እንግዲያው ወሬውም ቢሆን ይግባ፤ ለጥንቃቄ ይጠቅማል።»

አዝመራው የራሱን መስመር በጣቱ አሳየው። ሽባባው ለረዳቶቹ የሚከፍለው አጥቶ የተበደረ ሰው ነው፤ ትንሽ ተከራከረና ረቂቁን ይዞ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ያችን ዓረፍተ ነገር አውጥቶ ሪፖርቱን መለሰ። ኮሚቴው አጨበጨበና ተቀበለ። ንድፉም በዚያው ችካል ከፍታ ተሠርቶ ሰኔ ሃያ ስምንት ቀረበ፤ ያም ተቀባይነት አገኘ። ሁሉ ነገር በቀኑ፣ ሁሉ ነገር በውሉ! አዝመራው እንዲህ ያለ ያማረ ሥራ በዕድሜው አላየም።

በሐምሌ ሲሚንቶው በፈረስ ጋሪ ተጓጉዞ መጣ። ዝናቡ ሲያባራ ግንበኞቹ ባሉበት እንዲገኝ ወንዙ ዳር መጋዘን ይሠራለት ተባለ። የት? የት እንደሚሠራማ ወረቀቱ ይናገራል፤ ከቀዩ ችካል በላይ ያለው ሁሉ ደረቅ ነው። ከሾላው ዝቅ ብሎ፣ ከችካሉ ከፍ ብሎ የቆርቆሮ መጋዘን ተሠራ። ጥበቃ ሲፈለግ አዝመራው ታናሽ ወንድሙን ክንዴን አስቀጠረ። ክንዴ የከተማ ልጅ ነው፤ ያን ወንዝ በበጋ እንጂ በክረምት አይቶት አያውቅም።

«ወንድም ጋሼ፣ ይኼ ውሃ አይሞላም?» ብሎ ጠይቆት ነበር።

«ተለክቷል እኮ! እዚህ አይደርስም። ተኛ» አለው አዝመራው እየሳቀ።

ነሐሴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ገና በማለዳ፣ አንድ ባለጋሪ አዝመራው በሚሠራበት ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ፈረሱን አቁሞ ጠራው። ሰውየው እንደ ወትሮው አልቀለደም። «ወንዙ ሞልቷል። ይምጡ» ብቻ አለ።

አዝመራው መንገዱን እንዴት እንደጨረሰው አያውቅም። ከጋሪው ሲወርድ ያየውን ማመን አቃተው። ቀዩ ችካል የለም። መጋዘኑም የለም። ጭቃ የመሰለው ውሃ ግንድ እያገላበጠ በሾላው ሥር ይምዘገዘጋል። ክው አለ። ወንድሙን ፍለጋ ወደ ዳሩ ሮጠ።

ዳሩ በሰው ተሞልቷል። የገጠሩ ሰዎች በአገውኛ እየተጠራሩ በገመድ ተያይዘው ቁልቁል ይፈልጋሉ። አንድ ቆርቆሮ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ አግኝተዋል። ክንዴን አላገኙትም።

የክንዴ ሚስት ስሜነሽ ጭቃው ላይ ተቀምጣለች። ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል። አታለቅስም፤ ውሃውን ብቻ ታያለች።

ቀኛዝማች ምህረቴም በቅሎአቸው ላይ እንዳሉ ደረሱ። «ይህ የዘንድሮ መዓት ነው! እንዲህ ያለ ሙላት ማን አይቶ ያውቃል?» አሉ ጮክ ብለው።

ገመድ የያዙ አንድ አዛውንት ዘወር አሉ። «ኧረ በየነሐሴው ነው፣ ጌታዬ። ለመሐንዲሱም ነግረነዋል። እፊታችን ጻፈው።»

አዝመራው ወደ ሾላው ዞሮ አየ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ያውቁ ነበር። መሐንዲሱም ያውቅ ነበር። እሱም፣ አዝመራውም፣ ቀይ እርሳሱን ይዞ አንብቦት፣ ራሱ አስወጥቶት ነበር። ለወንድሙ ግን «ተኛ» አለው።

«መሐንዲሱ ነዋ!» አሉ ቀኛዝማች፣ መውጫ ያገኙ መስሏቸው። «ሪፖርቱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ያ ውሸታም! በሕግ እንጠይቀዋለን። አይደለም እንዴ አዝመራው?»

ስሜነሽ ያን ጊዜ ነው ቀና ያለችው። ድምፅዋ ደክሟል።

«ጋሼ አዝመራው፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?»

አላውቅም ማለት ይችል ነበር። ቃለ ጉባኤው አለ፤ የሁሉም ፊርማ አለበት፤ በውሉ መሠረት አንድ ስሕተት የለበትም። ቀኛዝማች ከበቅሎአቸው ላይ ሆነው ዝም በል በሚል ዓይን አፈጠጡበት።

«ጽፎት ነበር፣ እታለም» አለ አዝመራው። «አውጣው ያልኩት እኔ ነኝ። አልተለካም ብዬ።»

ስሜነሽ የገባት አልመሰለም። ፊቱን ትክ ብላ አየችው።

«ታዲያ ይህን ለክንዴ ቢነግሩት ምን ነበረበት?» አለችው።