የዘበኛው ቆዳ

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ለዕድሜ ሁለት መድኃኒት ነበረው። አንደኛው ወጣት የሚያደርግ ነው፤ ፊትን ሁሉ እንደተላጠ እንቁላል ያለሰልሳል፣ በእሱ ያለፉ የሙሽራ እናቶች በሙሉ እህትማማች መስለው ይወጣሉ። ሁለተኛው የሚያስረጅ ነው። አንድ ቀን የበሩን ዘበኛ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ፎቶ አነሳውና ግንባሩን፣ የዓይኑን ሥርና የጉንጩን ቆዳ ቆርጦ ኮምፒውተሩ ውስጥ «ሽማግሌ» በሚል ስም አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ አርጅቶ መታየት ያማረው ደንበኛ ሁሉ፣ የተዋናይም ፎቶ ይሁን የልደት ቀልድ፣ የዘበኛውን ቆዳ ለብሶ ይሄዳል።

እሳቷ ይህን ፋይል አምርራ ትጠላዋለች። እሳቷ የሚሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ፎቶ የምታስተካክለው እሷ ነች፤ ስሙም የወጣላት ከማንም ጋር ስለማትግባባ ሳይሆን ሥራ ሲበላሽ ዝም ማለት ስለማትችል ነው።

«ጋሼ፣ የሰው ፊት ካልሲ አይደለም። አንዱ ያወለቀውን ሌላው አያጠልቅም» ትለዋለች።

«አንቺ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የተማርሽው መጨቃጨቅ ነው?» ይላታል እየሳቀ።

እንዲህ እያሉ ሳለ ነው ሴትዮዋ የመጣችው። ከቦርሳዋ ያወጣችው ፎቶ የአንድ ወጣት ነበር፤ ቀጭን፣ የግራ ቅንድቡን ጠባሳ ለሁለት የከፈለው፣ ሲስቅ አፉ ወደ ቀኝ ብቻ የሚነሳ።

«ወንድሜ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር ሥራ ፍለጋ ብሎ የወጣው። አሁን አርባ ሰባት ይሆነዋል። እናታችን ዓይኗ እየደከመ ነው፣ ሐኪሙም የምታሳዩዋት ነገር ካለ ቶሎ በሉ ብሎናል። ይሄን ፎቶ ለጥፈን ነበር፤ ግን ማን ያውቀዋል? ሰው የሚያየው ልጅ፣ መንገድ ላይ ያለው ሽማግሌ!»

«በአርባ ሰባት ዓመቱማ ሽማግሌ አይባልም እትዬ» አለች እሳቷ ፎቶውን ወደ መብራቱ እያስጠጋች። «ማንን ይመስላል?»

«ቁርጥ እናቴን። አባቴ ገና በሠላሳው ተመልጦ ነበር። የእናቴ ወንድሞች ግን ጎፈሬያቸውን ይዘው ነው የተቀበሩት።»

«እንግዲያው አልመልጠውም። እናትዎና አጎቶችዎ በዚያ ዕድሜ አካባቢ የተነሱት ፎቶ ካለ ያምጡልኝ። የዓይናቸው ቆብ እንዴት እንደወረደ፣ ሽበቱ ከየት እንደጀመራቸው ልይ። ጠባሳውን፣ የዓይኖቹን ርቀትና የጆሮውን ቅርጽ አልነካም፤ እነሱ ናቸው እሱን እሱ የሚያሰኙት። ይቺን ያያሉ?» አለች በጣቷ ወደ አፉ ጥግ እየጠቆመች። «ሲስቅ እዚህ ጋ ቀጭን መስመር አለችው። መጨማደድ ከሰማይ አይወርድም፤ ሰው በልጅነቱ ሲያጣጥፈው የኖረው ነው በኋላ የሚጠልቀው። የእሱም ከዚህ ነው የሚጀምረው።»

ሴትዮዋ የቤተሰቡን ፎቶዎች ፈልጋ ልታመጣ ቃል ገብታ ሄደች። በማግስቱ ግን ባለቤቱ እሳቷን ከከተማ ውጪ ላለ የተማሪዎች ምረቃ ላካት።

«ያቺን ሥራ እንዳይነኩብኝ» አለችው ካሜራውን እያነገተች።

«ምን አደርጋታለሁ!»

ስትመለስ ከመኪና የወረደችው ከፎቶ ቤቱ ትንሽ ራቅ ብላ ነበር። የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ምሰሶ ላይ አየችው። «የጠፋ ሰው» ይላል። ጠጋ ብላ ስታየው ደሟ ፈላ። በሦስት ቦታ የተሰበረው የግንባር መስመር፣ እንደ ኪስ ያበጠው የዓይን ሥር፣ ከአፍንጫው ጎን ያለችው ጥቁር ነጥብ ሳትቀር፣ ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርሽ ልጄ» የሚላት ሰው ነበር።

የፎቶ ቤቱ በር ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ሁለት ጎረምሶች የዘበኛውን ክንድ ግራና ቀኝ ጨምድደው ይዘዋል።

«ልቀቁኝ እንጂ! የስድስት ልጆች አባት ነኝ፣ የምን መጥፋት ነው? በዚህ በር እኮ ሁላችሁም ስትወጡ ስትገቡ ታዩኛላችሁ!»

«ስሙን ቀይሮ ይሆናል» አለ አንዱ፣ ማስታወቂያውን ከፊቱ ጎን ይዞ እያስተያየ። «ይሄው፣ ነጥቧ ራሷ!»

በሰዎቹ መሃል ሴትዮዋ እናቷን ደግፋ ቆማለች። ከጠዋት ጀምሮ የደወለላት ሁሉ «ፎቶ ቤቱ በር ላይ ተቀምጧል» ብሎ ስለነገራት እናትየዋን አልብሳ፣ ፀጉራቸውን አበጥራ ነው ያመጣቻቸው። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው የዘበኛውን ፊት ዳሰሱ። ቅንድቡ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ፣ ወዲያ ወዲህ ፈለገ፣ ጠባሳውን አጣ።

«ይሄ የኔ ልጅ አይደለም» አሉ። «ለዚህ ነው እንዴ ያስሮጣችሁኝ?»

እሳቷ ማንንም ሰላም ሳትል ወደ ውስጥ ገባች። ባለቤቱ ከኮምፒውተሩ ኋላ ተደብቆ ነበር።

«አርጅቶ እንዲታይ ነው የፈለጉት፣ አስረጀሁላቸው። የምን ጣጣ ነው ይሄ?» አለ ገና ሳትናገረው።

የኮምፒውተሩን ማውዝ ከእጁ ነጥቃ የዘበኛውን ቆዳ ከላይ አነሳችው። ከሥሩ የቀረው ፊት የበለጠ አናደዳት። ቅንድቡ ሙሉ ነው። አፉ ተስተካክሏል።

«ጠባሳውንስ?»

«መጀመሪያ ትንሽ አፀዳሁት። ማስዋብ ሥራችን አይደል?»

«መጀመሪያ ወጣት አደረጉት፣ ከዚያ ሌላ ሰው አለበሱት! እናቱ በጣታቸው ዳሰው የፈለጉት እኮ እሷኑ ጠባሳ ነው! ሽማግሌ ሁሉ አንድ ነው ብለው ነው? እርስዎ ራስዎ ሲያረጁ የማን ፊት ነው የሚወጣልዎት?»

«እንዴት ነው የምታናግሪኝ?»

«ገና አላናገርኩዎትም። ይነሱ።»

ተነሳ። እሷም እናትና ልጅን አስገብታ ወንበር ሰጠቻቸው፣ ሴትዮዋም ፈልጋ ያገኘችውን የእናቷንና የአጎቶቿን ፎቶ አወጣች። እሳቷ ካልተነካው የመጀመሪያው ፎቶ እንደገና ጀመረች። የዓይኑን ቆብ እንደ እናቱ በጥቂቱ አወረደችው። የአፍንጫውን ጫፍ ለዓይን በማይታወቅ ያህል ዝቅ፣ ከንፈሩን ሳሳ፣ አገጩን ከሥር ላላ አደረገችው። ሽበቱን ከጆሮ ግንዱ አስጀምራ ወደ ላይ ስትወጣ አሳሳችው። ቆዳውን ፀሐይ ያየው ጉንጭና ግንባር ላይ ብቻ አጠቆረችው፤ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው የአርባ ሰባት ዓመት ፊት የለምና። የሳቁን መስመር በቀኝ በኩል አጠለቀች፣ በግራ ትንሽ ብቻ። ጠባሳው በቦታው ቀረ።

በትልቁ አትማ ለአሮጊቷ ሰጠቻቸው። አፍንጫቸው እስኪነካው አስጠጉት። ከግንባሩ ጀመሩ፣ ወደ ፀጉሩ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ቅንድቡ ላይ ቆዩ።

«አንተ!» ብለው ጮኹ። «ይሄን ሁሉ ዘመን የት ከርመህ ነው? ጭራሽ ሸበትክልኝ! ደግሞ ትስቃለህ? በማን ነው የምትስቀው?»

ሴትዮዋ ፊቷን አዞረች። እሳቷ ማተሚያው ላይ ወረቀት መሙላት ጀመረች፤ ማስታወቂያው ሁሉ መቀየር አለበት።

ዘበኛው ከበሩ ላይ ሆኖ «ለመሆኑ» አለ፣ «የኔ ፊት እዚያ ውስጥ ምን ያደርጋል? ለመታወቂያ ነው ብለውኝ አልነበር?»

እሳቷ ወንበሯን ወደ ዘበኛው አዞረች።

«ይምጡ አባባ። ይቺን ቁልፍ ይጫኗት፣ ይጠፋል።»

ዘበኛው መነጽሩን አደረገ፣ ራሱን አንድ አፍታ አየና በአንድ ጣቱ ጫን አደረገው። ከዚያ ከጓሮ መሰላሉን ተሸክሞ መጣና ለባለቤቱ አቀበለው።

«እንግዲህ ጋሼ» አለው፣ «ከየምሰሶው ላይ ፊቴን ያውርዱልኝ። ቀስ ብለው፣ እንዳይቀዱኝ።»