ነጩ ፖስታ የጠፋበት ሩብ ሰዓት

የጠፋው የደንበኛ ስልክ ነው። ልጄ በምትሠራበት የጥገና ሱቅ ጠዋት ተቀብላ፣ በነጭ ፖስታ አድርጋ፣ መሳቢያ ውስጥ በመክተት ፈንታ ባንኮኒው ጫፍ ላይ ተወችው። ሰውየው ሰባት ሰዓት ላይ ሲመጣ ፖስታው የለም። ባለሱቁ "ካንቺ በቀር ማን ነካው?" ብሎ ቁልፉን ነጠቃት። እኔ እዚያው ጽዳት ነኝ። ካሜራው ይታይ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ።

የካሜራው ቴክኒሻን ተጠርቶ ሲመጣ ጓዳ ገብተን አራታችንም ስክሪኑ ፊት ተኮለኮልን። ቴክኒሻኑ መጀመሪያ የስክሪኑን ሰዓት ከራሱ ስልክ ሰዓት ጋር አስተያየና "ስምንት ደቂቃ ይቀድማል" ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈ።

"ከጠዋት ጀምረህ ልቀቀው" አለ ባለሱቁ።

"ጋሼ፣ እንደዚያ ከሆነማ እዚሁ እንሸብታለን።"

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፖስታው አለ። ሰባት ላይ የለም። መሀሉን ከፈተ። አምስት ሰዓት፤ አለ። ስድስት፤ የለም። አምስት ተኩል፤ አለ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ፤ የለም። "በቃ፣ በዚች ሩብ ሰዓት ውስጥ ነው" አለና በትክክለኛ ፍጥነቱ ለቀቀው።

የልጄን እጅ ልይዝ ፈልጌ አልያዝኩም።

ስክሪኑ ላይ ልጄ ደንበኛ ልታነጋግር ወደ በሩ ሄደች። አረንጓዴ ሽርጥ የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ባንኮኒውን ትወለውላለች። የተቀዳደደውን ፕላስቲክና ወረቀት በክንዷ ጠርጋ ካርቶን ውስጥ ከተተች። ካርቶኑን አንስታ ወጣች። የባንኮኒው ጫፍ ባዶ ነው።

አካሄዷን አወቅኩት። ምንም አልተሰማኝም። ጥጋጥጉን ሳይቀር ነበር የምትወለውለው፤ ጎበዝ ሠራተኛ ናት አልኩ በልቤ።

"ይኸው! እናትና ልጅ ተማክረው ነው! ሰረቀች ብለህ ጻፍ" አለ ባለሱቁ።

"የሚታየውን ነው የምጽፈው ጋሼ። ፖስታው ካርቶኑ ውስጥ ሲገባ አይታይም፣ ክንዷ ከልሎታል። ፊቷም አይታይም።"

"እኔ ነኝ፤ እንደዚያ ብለህ ጻፍ" አልኩት። "ካርቶኑን ቆሻሻ መጣያው ጋ ነው ያስቀመጥኩት። ፖስታ መኖሩን አላየሁም።"

"እሱ የታየ አይደለም እናቴ፣ እርስዎ የተናገሩት ነው። ከታች ለብቻው ልጽፈው።"

ባለሱቁ ወደ ውጭ ሮጦ ተመለሰ። የቆሻሻ መኪናው ካለፈ ቆይቷል።

ቴክኒሻኑ የጻፈውን ወረቀት ሰጠኝ። ቀስ ብዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሰረቀች የሚል የለበትም። ፈረምኩ። ባለሱቁ ቁልፉን ለልጄ ወረወረላትና "እናትሽ ግን ከነገ ጀምሮ አትምጣ" አላት።

በሩ ጋ ልጄ ደረሰችብኝ።

"እማዬ፣ ምነው ካሜራው ይታይ ባትዪ ኖሮ!"

"መሳቢያውን ቆልፊ" አልኳት።