ስምንቱ ባዶ ጉድጓዶች

በቡሬ የሸማኔዎች ማኅበር ቤት ውስጥ አሥራ አራት የሽመና ጉድጓድ አለ። በኅዳር 1978 ዓ.ም. ሰው የሚቀመጥባቸው ስድስቱ ብቻ ነበሩ። የስምንቱ ባለቤቶች ባለፈው ግንቦት ለብሔራዊ ውትድርና ሄደዋል። ከበሩ ሦስተኛው የራዲያ ባል የሙሄዲን ነው። ስምንተኛ ክፍል ስለጨረሰች ራዲያ የማኅበሩ ጸሐፊ ናት፤ ቁልፉ እሷ ዘንድ ያድራል። በየጧቱ በሩን ስትከፍት ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ጉድጓድ ላይ ነው። በመወርወሪያው ውስጥ የቀረውን ማግ እስከዛሬ ማንም አልነካውም።

ከፋብሪካ የሚመጣው ድር ሊያልቅ ሁለት ወር አይሞላውም። ድር ካለቀ ማኅበሩ ይበተናል፤ ማኅበሩ ከተበተነ ቀበሌው ቤቱን የእህል መጋዘን ሊያደርገው አስቧል፤ መጋዘን ከሆነ ጉድጓዶቹ ይደፈናሉ። ራዲያ ይህን ስላወቀች አሥራ አምስት ሺህ ብር ብድር ለመጠየቅ የአምስት ዓመት ዕቅድ ጽፋ ፍኖተ ሰላም ላለው የብድር መሥሪያ ቤት ላከች። መያዣው ቤቱና አሥራ አራቱም መሸመኛ ነበር።

መልሱ በወረቀት አልመጣም። አንድ ማክሰኞ የዕቅድ መርማሪው ገደፋው ራሱ ከጧቱ አውቶቡስ ወረደ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሰላምታ ከሰጠ በኋላ ወንበር አልፈለገም፤ በቤቱ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር እየሄደ ቆጠረ። ጉድጓድ ቆጠረ፤ ከዚያ ሰው ቆጠረ።

«ጌታው፣ እኛ በግ ነን እንዴ?» አሉ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ጁማ፣ ከመሸመኛቸው ሳይነሡ። «አንድ ሁለት እያሉ የሚቆጥሩን።»

«በግማ ቢሆን ይወልድ ነበር» አለች ድር የምታጠነጥነው ሳቢሃ፣ የሙሄዲን እኅት። «እኛ ግን በየወሩ እየቀነስን ነው።»

ገደፋው ፈገግ አለና ጋሽ ጁማን ጠየቃቸው። «በወር ስንት ጋቢ ያወጣሉ፣ አባቴ?»

«አምስት። ስድስት የሚል ካለ ውሸታም ነው።»

«ክረምትም?»

«ሐምሌና ነሐሴ እርሻ ላይ ነን። ማን ይሸምናል።»

ከዚህ በኋላ ራዲያ ጠረጴዛ አጠገብ ቁጭ ብሎ ዕቅዱን ዘረጋ። በመጨረሻው ገጽ ላይ የገቢውን መስመር በቀይ እርሳስ ሥላዋለች። ሁለት ዓመት እንደ ሞፈር ተጋድሞ በሦስተኛው እንደ እርፍ ቀጥ ብሎ ይነሣል።

«መጀመሪያውን ዓመት አሥራ ሁለት ሺህ ብለሻል። ይህ ልክ ነው» አለ። «ስድስት ሰው፣ በወር አምስት ጋቢ፣ አሥር ወር። ሦስት መቶ ጋቢ በአርባ ብር። ሁለተኛው ዓመትም ያው ነው። ሦስተኛው ግን ሃያ ስምንት ሺህ ይላል።»

ገደፋው ጣቱን በቁጥሩ ላይ አሳረፈ።

«ከገቢው ተነሥቼ ወደ ኋላ አሰላሁት። ሃያ ስምንት ሺህ ሰባት መቶ ጋቢ ነው። ሰባት መቶ ጋቢ አሥራ አራት ሸማኔ ይፈልጋል። አራተኛው አርባ ሺህ ነው፤ ይህ ሃያ ሰው ይላል። አምስተኛው ሃምሳ ሁለት ሺህ፤ ሃያ ስድስት ሰው። ቤቱ ያለው አሥራ አራት ጉድጓድ ነው። ደግሞ የድር ግዢሽን አየሁት። አምስቱንም ዓመት አንድ ነው። ጋቢው በአራት እጥፍ ሲያድግ ድሩ አላደገም።»

ድሩን እንዴት እንደረሳችው አሁን ገባት። እሷ ያሰበችው ሰውን ነበር፤ ድሩን አልነበረም።

«የውትድርናው ጊዜ ሠላሳ ወር ነው» አለች ቀስ ብላ። «ከግንቦት ሠላሳ ወር ቢቆጠር ኅዳር ሰማንያ ነው። ሦስተኛው ዓመት ያ ነው።»

ሳቢሃ ድር ማጠንጠኗን አቆመች። የጋሽ ጁማም መወርወሪያ ቆመ።

«አራተኛውና አምስተኛውስ?» አለ ገደፋው።

«አንዴ ከተነሣ በኋላ መስመሩን ማቆም አሳዘነኝ።»

ገደፋው እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በዚያ ዘመን አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ዘማቾች ምን እንደሚል በጣም ማሰብ ነበረበት፤ እሱም አሰበ።

«ይመለሳሉም አልልም፣ አይመለሱምም አልልም» አለ። «ዕቅድ የሚጠይቀው ዛሬ ማን ጉድጓዱ ላይ እንዳለ ነው። ከአንድ ጋቢ ላይ የድሩ፣ የማጉና የሸማኔው ድርሻ ሲነሣ የሚተርፈው ስድስት ብር ነው ብለሻል። በሦስት መቶ ጋቢ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር ነው። የብድሩ የዓመት ክፍያ ከወለዱ በፊት ሦስት ሺህ ነው። እኔ ብፈርምልሽ ገና በመጀመሪያው ዓመት መክፈል ያቅታችኋል። ያን ጊዜ መያዣው ይወሰዳል። አሥራ አራቱም።»

ራዲያ ወደ ሦስተኛው ጉድጓድ ተመለከተች። ልታድነው ብላ የጻፈችው ዕቅድ እንደሚያስወስደው አየች።

«እንግዲያው ምን ይሻላል?» አሉ ጋሽ ጁማ።

«ዛሬ ካላችሁት ሰው ተነሡ። ድሩን ለመግዛት አራት ሺህ ብር ይበቃል፤ በአራት ዓመት ይከፈላል። መያዣውም ድሩና የምትሠሩባቸው ስድስቱ መሸመኛዎች ይሁኑ። ገቢው እንዲያድግ ከፈለጋችሁ የሚያሳድገውን ሰው አሳዩኝ።»

ጋሽ ጁማ መወርወሪያቸውን አስቀመጡ። በአገሩ ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም። «ሁለት ሴት አስተምራለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ይስቅብኝ እንግዲህ። ካረጀሁ በኋላ ምን ይጎድልብኛል።»

«መጀመሪያውን ዓመት የሚሸጥ ነገር አያወጡም» አለ ገደፋው። «ድር ያበላሻሉ እንጂ። ሁለተኛውን የእናንተን ግማሽ፣ ሦስተኛውን ሙሉ።»

ራዲያ አዲስ ወረቀት አወጣች። አሥራ ሁለት ሺህ ብላ ጻፈች። ቀጥላ አሥራ አራት ሺህ፤ ቀጥላ አሥራ ስድስት ሺህ። አራተኛና አምስተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመና እዚያው አሥራ ስድስት ሺህ ላይ ደገመችው። በእያንዳንዱ ዓመት ሥር ድሩን ከጋቢው ቁጥር ጋር አስተካከለች። መስመሩ ትንሽ ከፍ አለና ተጋደመ። እንደ ሞፈር።

«እንግዲህ ስምንቱን ሙሉ በሙሉ ልተዋቸው?» አለች።

«የለም። ስማቸውን በሌላ ወረቀት ጻፊ። እያንዳንዱ ሲመጣ ሃምሳ ጋቢ በዓመት ጨምሪ፣ ድሩንም ጨምሪ። ያ ወረቀት ከብድሩ ጋር አይያያዝም፤ ከእናንተ ጋር ይቀመጥ።»

ስምንቱን ስም ጻፈች። ሙሄዲንን ሦስተኛ አደረገችው፣ እንደ ጉድጓዱ ተራ። ወረቀቱን አጥፋ ከቁልፉ ጋር በመቀነቷ ቋጠረችው። ገደፋው አዲሱን ዕቅድ ይዞ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

ብድሩ በጥር ተፈቀደ፤ ድሩም መጣ። የመጀመሪያዋ ተማሪ ሳቢሃ ሆነች። ሁለተኛዋ ራዲያ ናት።

«በየትኛው ልቀመጥ?» አለች።

ጋሽ ጁማ በአገጫቸው ወደ ሦስተኛው ጉድጓድ አመለከቱ። የሙሄዲን መሸመኛ የተሸፈነበትን ጨርቅ ገልጣ ተቀመጠች። እግሯን ወደ ጉድጓዱ ስትሰድ መርገጫው ጋ አልደረሰም። አንድ ስንዝር ቀረ። ሙሄዲን ረጅም ነው፤ ጉድጓዱን የቆፈረውም በራሱ እግር ለክቶ ነበር።

«ቆይ፣ አፈር እንጨምርበት» አሉ ጋሽ ጁማ። «አንድ ስንዝር ብንደፍነው ይበቃሻል።»

«ጉድጓዱን አይንኩት፣ ጋሽዬ» አለች ራዲያ። «የመርገጫውን ገመድ እናሳጥረው።»

ጋሽ ጁማ ተንበርክከው ገመዱን መፍታት ጀመሩ። አሳጥረው ሲቋጥሩት የተረፈውን ሊቆርጡ ቢላዋ አነሡ፤ እሷ ግን እጃቸውን ያዘች። የተረፈውን ገመድ ጠቅልላ ከቋጠሮው ሥር አሰረችው፣ በአንድ ጊዜ ተፈትቶ ወደ ድሮው ርዝመቱ እንዲመለስ። ከዚያ መርገጫውን ረገጠች።